ፍሪጅ በሌለበት ቤት የጾም ምስር ወጥ ከማለዳ እስከ 9 ሰዓት እንዴት ይቆያል?

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ ተነስቶ መሃል ከተማ የሚሠራ ሰው ከቤቱ የሚወጣው በማለዳ ነው። የሚመለሰው ሲመሽ ነው። ቤት የቀሩት እናት ወይም አክስት ደግሞ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ጾመው ነው የሚቀምሱት። ስለዚህ ወጡ ቀድሞ መሠራት አለበት። ፍሪጅ የለም፤ ወይም ፍሪጁ አለ፣ መብራቱ የለም።

ብዙ ቤት ያለው ልማድ ማታ ሠርቶ ማሳደር፣ ጠዋት ማሞቅ፣ በ9 ሰዓት ደግሞ እንደገና ማሞቅ ነው። «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ምንም አይሆንም» ይባላል። ሌሊቱ እውነትም ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ሁዳዴ የሚውለው ዓመቱ በሚሞቅበት በየካቲትና በመጋቢት፣ አንዳንዴም እስከ ሚያዝያ ነው። እኩለ ቀን ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ያየ ሰው ቅዝቃዜ የሚባለው ነገር እዚያ እንደሌለ ያውቃል።

ምስር፣ ክክና ድንች ቶሎ የሚበላሹት እርጥብ ስለሆኑ፣ ስለማይኮመጥጡና ለተህዋሲያን ጥሩ ምግብ ስለሆኑ ነው። ተህዋሲያን በብዛት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የበሰለ ወጥ በዚህ መካከል ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ።

እንደገና ማፍላት የማይፈታው ነገርም አለ። ባሲለስ ሴረስ የሚባለው ባክቴሪያ በአፈር፣ በጥራጥሬና በቅመም ላይ ይኖራል። ዘሩ ፈልቶም አይሞትም። ወጡ ለብ ሲል ይነቃና ይራባል፤ ከሚያወጣቸው መርዞች አንዱም በማፍላት አይጠፋም። ከእጅ ወደ ምግብ የሚገባው ስታፊሎኮከስም እንዲሁ ነው። ባክቴሪያው በማፍላት ይሞታል፣ መርዙ ግን ይቀራል። ስለዚህ ለብ ብሎ የዋለ ወጥ ተንተክትኮ ቢፈላም ድኗል ማለት አይደለም።

እንግዲህ ፍሪጅ ለሌለው ሰው ሦስት መንገድ ይቀረዋል። ምግቡ ደረቅ ይሁን፣ ወይም የኮመጠጠ ይሁን፣ ወይም ሳይበርድ ይዋል። ደረቁን መንገድ እናቶቻችን በሽሮ ጨርሰውታል። ምጥን ሽሮ በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ወራት ይቆያል፤ በ20 ደቂቃም ወጥ ይሆናል። እዚህ በሰፊው የምጽፈው ብዙ ሰው ስለማይሞክረው ስለ ሦስተኛው ነው፦ ምስር ወጥን በማለዳ አፍልቶ፣ ያለ እሳትና ያለ መብራት እስከ 9 ሰዓት ትኩስ አድርጎ ማዋል። ከዚያ ስለ ስልጆ ትንሽ እጨምራለሁ።

የሙቀት ቅርጫቱን ማዘጋጀት

ሐሳቡ ቀላል ነው። በደንብ የፈላ ድስት ሙቀቱ እንዳያመልጥ ዙሪያውን ከተሸፈነ ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ምስሩም በዚያው ሙቀት መብሰሉን ስለሚቀጥል ከሰል ይቆጥባል።

የሚያስፈልገው ከድስቱ በየጎኑ ቢያንስ አንድ ስንዝር የሚሰፋ ጠንካራ ካርቶን ወይም ትልቅ ቅርጫት ነው። ውስጡን ለመሙላት የጤፍ ጭድ በጣም ጥሩ ነው። ከከተማ ዳር ላለን ሰዎች ደግሞ ጭድ ማግኘት አይከብድም። ጭዱ ደረቅ መሆን አለበት፤ እርጥብ ጭድ ሙቀት አይዝም፣ ይሻግታልም። ጭድ ካጣችሁ አሮጌ ስፖንጅ፣ የተቀደደ ብርድ ልብስ ወይም የልብስ ቁርጥራጭ ይሆናል።

ጭዱን ንጹሕ የዱቄት ከረጢት ውስጥ ጨምራችሁ እንደ ትራስ ስፉት። አንድ ትራስ ከሥር፣ ሁለት ወይም ሦስት በዙሪያ፣ አንድ ወፍራም ደግሞ ከላይ። የእያንዳንዱ ውፍረት ሲጫን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ የላዩ ትራስ ከሁሉም ቢወፍር ይመረጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጎኑን አሳምሮ ይሞላና ከላይ አንድ ነጠላ ጣል ያደርጋል። በድስቱና በትራሶቹ መካከል ክፍት ቦታ አይኑር።

ድስቱ ወፈር ያለ፣ ክዳኑ በትክክል የሚገጥም ይሁን። እጀታው ረጅም ከሆነ ትራሶቹ አይገጥሙለትም፤ ሁለት አጭር ጆሮ ያለው ይሻላል። መጠኑም ወሳኝ ነው። 4 ሊትር የሚይዝ ድስት ከሞላ ጎደል ሞልቶ ሲገባ ሙቀቱን ይይዛል። ያው ድስት እሩቡ ብቻ ወጥ ኖሮት ቢገባ ግን ከእኩለ ቀን በፊት ለብ ይላል። ለሁለት ሰው ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ትንሽ ድስት ፈልጋችሁ ሙሉት። ትንሽ ድስት ግን ሲሞላም ከትልቁ ቀድሞ ስለሚበርድ እስከ 9 ሰዓት እንዲደርስ አትጠብቁ። እኩለ ቀን ላይ የሚያፈላው ሰው ይኑር።

መጀመሪያ በውሃ ሞክሩት

ወጥ ከማስገባታችሁ በፊት ቅርጫቱን በባዶ ውሃ ፈትኑት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆላ ያለ ሰው ከሚጀምርበት ሙቀት ዝቅ ብለን ነው የምንጀምረው። ስለዚህ የሌላ አገር ልምድ ሰምቶ «8 ሰዓት ይቆያል» ማለት አይበቃም።

ድስቱን እስከምትሞሉት ልክ ውሃ ጨምሩና ከድኑት። በደንብ ተንተክትኮ ሲፈላ በፎጣ ጠቅልላችሁ ቅርጫቱ ውስጥ አስገቡት። ወጡን ለማቆየት ያሰባችሁትን ያህል ሰዓት ጠብቁ። ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ከሆነ 8 ሰዓት ተኩል ነው። መሃል ላይ አትክፈቱት። ከዚያ በምግብ ቴርሞሜትር ለኩ። 60 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ቅርጫቱ ለሥራ ደርሷል። 65 ቢሆን ደግሞ የበለጠ እረፍት ይሰጣል።

55 ካሳየስ? የላዩን ትራስ አወፍሩ፣ ክፍተቱን ድፈኑ፣ እንደገና በውሃ ሞክሩ። አሁንም ካልደረሰ ሰዓቱን አሳጥሩ። ቤት የሚውል ሰው ካለ በ6 ሰዓት ድስቱን አውጥቶ በደንብ አፍልቶ ይመልሰው። ይህ ለብ ያለ ወጥ ከማሞቅ ይለያል። በ6 ሰዓት ወጡ ገና ከ60 በላይ ስለሆነ ተህዋሲያን የሚራቡበት ጊዜ አላገኙም።

ቴርሞሜትሩን አትዝለሉት። ጣት ነክሮ መገመት አደጋ አለው፤ ደግሞም 60ን ከ50 አይለይም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው።

ማታ፦ ቁሌቱ

አሁን ወደ ወጡ እንሂድ። ለ4 ሊትር ድስት የምጠቀምበት መጠን ይህ ነው፦ 3 ኩባያ የምስር ክክ (ወደ 600 ግራም)፣ 5 ወይም 6 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ኩባያ ዘይት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል፣ 2 ሊትር ውሃ፣ ጨውና ትንሽ መከለሻ። ለስድስት ሰው ይበቃል።

ማለዳ ላይ ጊዜ የሚበላው ቁሌቱ ነው። እሱን ማታ መጨረስ ይቻላል፣ ግን በልኩ። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ያለ ዘይት ድስት ላይ ጣሉት። እያማሰላችሁ ውሃው እስኪመጥ 15 ደቂቃ ያህል አቁላሉት። ዘይቱን ጨምሩ፤ ቀጥሎ በርበሬውን። እንደ ወትሮው እንዳያር ጠብ ጠብ የምታደርጉትን ውሃ እዚህ ቀንሱ። እሳቱን አብርዳችሁ በእርጋታ አብስሉት። ዘይቱ ከላይ ተለይቶ ሲወጣና ሽንኩርቱ ለጥፍ ሲሆን፣ በማማሰያ ሲገፋም የድስቱ ሥር ሲታይ ደርሷል። ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። ውሃው በጠፋና ጨው በገባ መጠን ሌሊቱን ይታገሳል።

ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ማታ አትጨምሩ። እነሱ የጠዋት ናቸው። ዘይት ውስጥ ተቀብሮ ያለ ፍሪጅ የሚቀመጥ ነጭ ሽንኩርት ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። የዚህ በሽታ ባክቴሪያ አየር በማይደርስበት ቦታ ነው የሚራባው፤ ዘይት ደግሞ አየሩን ይዘጋል። የተቁላላ ሽንኩርትም ከዚህ ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ኢሊኖይ በምትገኘው ፒዮሪያ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ በስብ ተቁላልቶ ለብ እያለ የዋለ ሽንኩርት 28 ሰዎችን በዚሁ በሽታ ጥሏል።

ስለዚህ ቁሌት አንድ ሌሊት ብቻ ያድራል። «ለሳምንት የሚሆን ቁሌት ሠርቼ በጠርሙስ አስቀምጫለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ፍሪጅ ካላቸው ጥሩ። ያለ ፍሪጅ ግን ይህን አልመክርም፤ በፍጹም።

ቁሌቱን ከእሳት እንዳወረዳችሁ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ዘርጉት። ድስት ውስጥ ተከምሮ ከተከደነ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ያድራል። ትሪው ላይ ግን በግማሽ ሰዓት ይበርዳል። ዝንብ እንዳይነካው በወንፊት ወይም በስስ ነጠላ ሸፍኑት። ሲበርድ ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ቦታ አስቀምጡት። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ቦታ ከምድጃው የራቀ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ጉንዳን እንዳይደርስበት ዕቃውን ውሃ የያዘ ሳህን መሃል አቁሙት።

ምስሩን ማታ ልቀሙ እንጂ አትዘፍዝፉ። የምስር ክክ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። ሙቅ ቤት ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ ክክ ጠዋት አረፋ ይዞ ይጠብቃችኋል።

ማለዳ፦ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል

ሁለቱን ሊትር ውሃ አስቀድማችሁ ጣዱ። እሱ እስኪፈላ ምስሩን ውሃው ጥርት እስኪል ሦስት አራት ጊዜ እጠቡ። ውሃው ሲፈላ ምስሩን ጨምሩና የሚወጣውን አረፋ ግፈፉ። 10 ደቂቃ ከፈላ በኋላ ቁሌቱን፣ የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ ላይ አስገቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ጥብቅ ነው። ቁሌቱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ወጡ ቢያንስ 20 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። የቦቱሊዝም መርዝ በማፍላት ይጠፋል። ባሕር ወለል ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል ይባላል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደቂቃው ይጨምራል። በእኛ ከፍታ ወደ 18 ደቂቃ ይደርሳል፤ 20 ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሥሩ እንዳይያዝ እያማሰላችሁ እሳቱን አትቀንሱት። ውሃ ካነሰ የምትጨምሩት የፈላ ውሃ ነው።

ወጡን ከለመዳችሁት ትንሽ ቀጠን አድርጉት። ቅርጫቱ ውስጥ ሆኖ ምስሩ መምጠጡን ይቀጥላል። በ9 ሰዓት ስትከፍቱት ልኩ ላይ ይደርሳል። ጨው አስተካክላችሁ መከለሻውን ጣል አድርጉ። ከቀመሳችሁበት ማንኪያ መልሳችሁ አትንከሩ።

አሁን ክዳኑን ግጠሙና ተከድኖ 5 ደቂቃ ይፍላ። ይህ ለክዳኑ ነው። ከዕቃ ማስቀመጫ የመጣ ክዳን ንጹሕ ቢመስልም እንፋሎቱ እስኪያጥበው ንጹሕ አይደለም። ከዚህ በኋላ ክዳኑ አይነሳም። ድስቱን ከእሳት ላይ በፎጣ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ቅርጫቱ ውሰዱት። መንገድ ላይ «ትንሽ ይብረድ» የለም። ፎጣውን አጥፉበት፤ እንፋሎት ጭዱን እንዳያረጥብ ይረዳል። የላዩን ትራስ ጫኑና ከበላዩ ከበድ ያለ ነገር አስቀምጡ፤ ድንጋይ ወይም የተሞላ ጄሪካን ይሆናል።

ቤት ለሚቀረው ሰው የምትናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስከ 9 ሰዓት አትክፈቱት። ልጆች ካሉ ይህን ደግማችሁ ንገሯቸው። ከ9 ሰዓት በፊት የሚበላ ልጅ ካለ የእሱን ድርሻ ጠዋት ለይታችሁ አፉ ሰፊ በሆነ የምግብ ፔርሙዝ አድርጉለት። ፔርሙዙን አስቀድማችሁ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ አቆዩት። ውሃውን ደፍታችሁ ወዲያው የፈላውን ወጥ እስከ አፉ ሙሉት። ፔርሙዝ ከትልቅ ድስት ያነሰ ስለሚይዝ ቀድሞ ይበርዳል፤ እስከ ምሳ ሰዓት ግን ጥሩው ያደርሳል። እሱንም በውሃ ፈትኑት።

በ9 ሰዓት

ድስቱ ሲከፈት መጀመሪያ ሙቀቱ ይለካ። መለኪያው ወጡን አማስሎ መሃሉ ላይ ነው የሚገባው። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይቀረብ። ከ50 እስከ 60 ባለው ውስጥ ከሆነ ተንተክትኮ ፈልቶ ወዲያው ይበላ፤ የሚተርፍ ነገር ግን አይቀመጥ። ከ50 በታች ከወረደ ይደፋ። የሚያሳዝን ቢሆንም ስንት ሰዓት ለብ ብሎ እንደቆየ ማንም አያውቅም።

የማታው ሰው ድርሻስ? በ9 ሰዓት የሚበላው በንጹሕ ጭልፋ ከወጣ በኋላ የቀረው ወዲያው 10 ደቂቃ ይፍላና ወደ ቅርጫቱ ይመለስ። ድስቱ አሁን ጎደሎ ስለሆነ ወደ ትንሽ ድስት ማዛወር ይሻላል። እሱም በዚያው በእሳቱ ላይ አብሮ ይፍላ። ትራሶቹንም ወደ ውስጥ አስጠጉ። በዚህ መንገድ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ያለፈው ለነገ አይተርፍም። መጠኑን ስትሠሩ ይህን አስቡ። እንጀራ ላይ ተፈትፍቶ የተነካ ወጥም ወደ ድስት አይመለስም።

መበላሸቱን በምን ታውቃላችሁ? ምስር ወጥ ሲበላሽ ዳር ዳሩን ጥቃቅን አረፋ ይይዛል። ሽታው ይኮመጥጣል፤ በማንኪያ ሲነሳ እንደ ክር ይሳባል። አንዱን ካያችሁ ለመቅመስ እንኳ አትሞክሩ። ግን የነዚህ አለመኖር ዋስትና አይሰጥም። ከላይ ያልኩት መርዝ ሽታም ጣዕምም የለውም። ለዚህ ነው በአፍንጫ ሳይሆን በሰዓትና በቴርሞሜትር የምንሄደው።

በባክቴሪያ መርዝ የተመረዘ ሰው ብዙ ጊዜ ከበላ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስታውከዋል ወይም ያስቀምጠዋል። ትንሽ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አዛውንት ከሆነ፣ ወይም ውሃ እንኳ መያዝ ካልቻለ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ዓይን ሲደበዝዝ፣ ሁለት ሁለት ሲታይ፣ መናገር ወይም መዋጥ ሲከብድ ደግሞ የቦቱሊዝም ምልክት ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ አይጠበቅም።

ሌሎች ወጦች በዚሁ ቅርጫት

ክክ አልጫና ድፍን ምስር በዚሁ አሠራር ይሄዳሉ። የአተር ክክ ጠንካራ ስለሆነ ቅርጫት ከመግባቱ በፊት 35 ደቂቃ ያህል መፍላት አለበት፤ የቀረውን እዚያው ይጨርሳል። ቦሎቄ ግን ሌላ ነው። ጥሬው ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ በራሱ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ በዝግታ ሙቀት ብቻ ሲበስል ደግሞ ይብሳል። ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ ሙሉ በሙሉ እስኪበስል እሳት ላይ ጨርሱት። ቅርጫቱ ለማቆያ ብቻ ይሁን።

ጎመንና አትክልት አልጫ ለዚህ አይመቹም። ጥቅል ጎመን ለስምንት ሰዓት ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ይላሽቃል፤ ቀለሙም ይሞታል። ካሮትም እንደዚያው። አትክልትን ማቆየት ያለባችሁ ጥሬውን ነው። አትጠቡት፣ አትቁረጡት። ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ፣ መሃላቸው እርጥብ አሸዋ ተደርጎ ጥላና ነፋስ ባለበት ከተቀመጠ በመጋቢት ደረቅ አየር ውስጡ ይቀዘቅዛል። ላዩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡት። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ጎመን ውጭ ከሚቆዩት በላይ እዚያ ይቆያሉ። በፍልሰታ ጾም ግን ይህን አትጠብቁ። ነሐሴ እርጥብ ስለሆነ ውሃው አይተንም፤ ካልተነነ ደግሞ አይቀዘቅዝም። የበሰለ ምግብ በየትኛውም ወቅት እዚያ አይቀመጥ፤ ቅዝቃዜው ለዚያ አይበቃም።

ስልጆ፣ ሳይሞቅም የሚቆየው

ማለዳ ተነስቶ ድስት መጣድ ለማይችልበት ቀን አንድ ማሰሮ ስልጆ ቤት ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ስልጆ የሚቆየው ስለሚኮመጥጥና ሰናፍጭ ስላለበት ነው።

2 ኩባያ ሱፍ ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉና ፍጩ። በ8 ኩባያ ሙቅ ውሃ በጥብጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። ነጩን ውሃ ጣዱና ሲፈላ 2 ኩባያ የተቆላ የባቄላ ዱቄት ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ አማስሉ። እንዳይጓጉል አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ ይቻላል። የዱቄቱ ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ፣ እስኪወፍርና ፏ ፏ እስኪል ግማሽ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል።

ከዚያ በሰፊ ዕቃ ቶሎ አብርዱት። የእጅ ሙቀት ላይ ሲደርስ 3 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ትንሽ ጤና አዳምና ጨው አብረው ተወቅጠው ይገባሉ። ከጥሩ አሮጌ ስልጆ ሁለት ማንኪያ ብታገኙ እርሾ ይሆነዋል፤ ቶሎም ይኮመጥጣል። በፈላ ውሃ የታጠበ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ክደኑት። አየር የሚያስወጣበት ቦታ ተውለት።

ከሁለት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይደርሳል። የደረሰ ስልጆ አፍን የሚይዝ ግልጽ ኮምጣጣነት አለው፤ የሰናፍጩ ሽታ ወደ አፍንጫ ይወጣል። የአሲድ መጠን የሚለካበት ወረቀት ያገኘ ሰው ከ4.6 በታች መውረዱን ያረጋግጥ። በሦስተኛው ቀንም ምንም ካልኮመጠጠ፣ ወይም የበሰበሰ ነገር ከሸተተ፣ አትጠብቁት፣ ድፉት። አንዳንዱ ሰው ሎሚ ጨምሮ ያኮመጥጠዋል፤ ጣዕሙን እንጂ ደህንነቱን አይተካም።

በትንንሽ ጠርሙስ ከፋፍሉት። ትልቁ ዕቃ በየቀኑ ሲከፈት ነው ሻጋታ የሚገባው። በደረቅ ማንኪያ ብቻ ይውጣ፤ እንጀራ አይነከርበት። ከላዩ ሻጋታ ካያችሁ ገፍፎ መብላት አይበቃም፣ ጠርሙሱ በሙሉ ይደፋ። እኔ የተከፈተ ጠርሙስ ከአንድ ሳምንት በላይ አላቆይም። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም ቤት እሑድ የተሠራ ስልጆ ዓርብ ላይ ጣዕሙ ልክ ይመጣል። አጠገቡ የተቀቀለ ድንችና ቃሪያ ቢቀርብ፣ ድንቹ ግን የዚያኑ ቀን የተቀቀለ ይሁን።